ያውቁ ኖሯል? ፊቱ ጥርት ብሎ እየታየ ድምፁ የሚቆራረጠው ለምንድን ነው?

«እያየሁሽ ነው፤ ድምፅሽ ግን አይሰማም!» በቪዲዮ የሚደዋወል ሰው ሁሉ ይህን ብሏል ወይም ተብሏል። ቀጥሎ የሚመጣውም የታወቀ ነው፤ «ኔትወርኩ ነው» ይባልና ተዘግቶ እንደገና ይደወላል። አንዳንዴ እውነትም ኔትወርኩ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ከዚያ ጠበቅ ያለ ነው። ድምፁ የት ላይ እንደጠፋ ደግሞ ትንሽ ለሚያውቅ ሰው ስክሪኑ ራሱ ይናገራል።

ስልኩ አናት ላይ ያሉት የኔትወርክ መስመሮች የጥሪውን ጥራት እንደማይለኩ ያውቁ ኖሯል?

መስመሮቹ የሚያሳዩት በስልክዎና በአቅራቢያው ባለው አንቴና፣ ወይም በስልክዎና በቤትዎ ዋይፋይ መካከል ያለውን የሬዲዮ ሞገድ ጉልበት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አያውቁትም። ስለዚህ ዋይፋዩ አጠገብ ተቀምጠው፣ መስመሮቹም ሞልተው ጥሪው ሊቆራረጥ ይችላል፤ በሁለት መስመር ደግሞ ያለ እንከን አንድ ሰዓት ሊያወሩ ይችላሉ። ለዚያውም ይህን ያህል ጉልበት ይህን ያህል መስመር ይሁን ብሎ ስልክ ሠሪዎችን ሁሉ የሚገዛ አንድ ደንብ የለም።

የጥሪውን ጤንነት የሚያውቀው ራሱ የጥሪው መተግበሪያ ነው። የሚከታተለውም በዋናነት ሦስት ነገር ነው፤ ድምፁ ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜ፣ የዚያን ጊዜ መዋዠቅ፣ በመንገድ የቀረውን መጠን። ዙም እነዚህን `Latency`፣ `Jitter` እና `Packet Loss` በሚሉ ስሞች ያሳያል። «ግንኙነትዎ አልተረጋጋም» የሚለው ማስጠንቀቂያም የሚመነጨው ከእንዲህ ያለው ልኬት ነው።

ድምፅና ምስል በአንድ ጥሪ ውስጥ ሆነው ለየብቻ እንደሚጓዙስ ያውቁ ኖሯል?

ድምፁ ለብቻው፣ ምስሉ ለብቻው እየተቆረጠ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ እሽጎች ይላካል። የሚገናኙት ተቀባዩ ስልክ ላይ ሲደርሱ ነው፤ የከንፈሩን እንቅስቃሴ ከቃሉ ጋር የሚያገጣጥመውም ተቀባዩ ነው። ክብደታቸው ግን አይመጣጠንም። ጥሩ የንግግር ድምፅ በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ኪሎቢት ይበቃዋል። ጥርት ያለ ምስል ከ1,000 ኪሎቢት በላይ ይፈልጋል።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። መንገዱ ሲጠብ ምስሉ የሚለቀው ብዙ ነገር አለው። መጠኑን ይቀንሳል፣ በሰከንድ ከሚያሳያቸው 30 ፍሬሞች ወደ 15 ይወርዳል፣ ዝርዝሩን ያደበዝዛል። ድምፁ ግን ከመጀመሪያውም የያዘው ትንሽ ነው፤ የሚለቀው የለውም። ፍጥነት መለኪያ ላይ «10 ሜጋቢት» አይቶ «ታዲያ ድምፁ ለምን ይቆራረጣል?» የሚል ሰው የተሳሳተ ነገር ለክቷል። ድምፁ የቸገረው የመንገዱ ስፋት አይደለም፤ የፓኬቶቹ በሰዓቱ መድረስ ነው።

አርፍዶ የደረሰ ድምፅ እንዳልደረሰ እንደሚቆጠርስ?

በዛሬ የኢንተርኔት ጥሪዎች በስፋት የሚሠራበት የድምፅ ማመቂያ ኦፐስ ይባላል፤ በመስፈርትነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። አብዛኛውን ጊዜ ንግግርን በ20 ሚሊሰከንድ ቁርጥራጭ ይከፋፍለዋል። ይህ ማለት በየሰከንዱ 50 ፓኬት ይሄዳል ማለት ነው። ተቀባዩ መተግበሪያ የመጡትን ፓኬቶች ለጥቂት አሥር ሚሊሰከንዶች ያቆያቸውና በተራቸው ያሰማል። በዚያች የቆይታ ጊዜ ውስጥ ያልደረሰ ፓኬት ተራው ያልፈዋል፤ በኋላ ቢመጣም ይጣላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

`Packet Loss` ዜሮ እያለ ድምፁ ሲቆራረጥ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ፓኬቱ በመንገድ አልጠፋም፤ ግን አርፍዷል። ያን ጊዜ መታየት ያለበት `Jitter` ነው። ከ30 ወይም ከ40 ሚሊሰከንድ በላይ እየዘለለ ከሆነ፣ መተግበሪያው የቆይታ ጊዜውን ለማርዘም ይሞክራል፤ እስኪያስተካክል ድረስ ግን ቃላት ይበላሉ።

«1 በመቶ ብቻ ነው የጠፋው» የሚለው ቁጥር ሊያሞኝ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል?

እስኪ እናስላው። በአንድ ደቂቃ 3,000 የድምፅ ፓኬት ይላካል። 1 በመቶው 30 ፓኬት ነው፤ በጊዜ ሲለካ 600 ሚሊሰከንድ። እነዚህ 30 ፓኬቶች በደቂቃው ውስጥ ተበታትነው ከጠፉ ማንም ላያውቅ ይችላል፤ ምክንያቱም ኦፐስ የቀደመውን ፓኬት አነስተኛ ቅጂ በሚቀጥለው ውስጥ አሳቅፎ መላክ ይችላል። አንዱ ቢጠፋ ጎረቤቱ ይተካዋል። ሠላሳዎቹ ተከታትለው ከጠፉ ግን ጎረቤቱም አብሮ ጠፍቷልና የሚተካ የለም፤ አንድ ሙሉ ቃል፣ አንዳንዴም ሁለት፣ ገደል ይገባል።

ስለዚህ ከአማካዩ ይልቅ ከፍተኛው ይበልጥ ይናገራል። ዙም ሁለቱን ጎን ለጎን `Avg (Max)` ብሎ ያስቀምጣቸዋል። `0.9% (1.5%)` የሚል ጥሪ ጤነኛ ነው። `0.9% (16%)` የሚለው ግን አማካዩ ያው ሆኖ ሳለ ጆሮ የሚያሳምም ነው።

በዚያው ቅጽበት ምስሉም እንደተጎዳ፣ እርስዎ ግን እንዳላዩትስ?

ሰው ሲያወራ ፊቱ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ከኋላው ያለው ግድግዳ ጨርሶ አይንቀሳቀስም። ምስሉ ለ300 ሚሊሰከንድ ቆሞ ቢቀር፣ 9 ፍሬም ያህል ነው፣ ሰውየው ትንሽ ያሰበ ይመስላል እንጂ መስመሩ የተቋረጠ አይመስልም። በእነዚያው 300 ሚሊሰከንዶች ድምፁ ላይ ግን 15 ፓኬት ቀርቷል። ዓይን ይቅር ይላል፤ ጆሮ አይልም።

ሌላም ብልጫ አለ። የምስል ፓኬት ሲጠፋ ተቀባዩ «ድገምልኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ እስኪመጣም የነበረውን ምስል ይዞ ይጠብቃል። ድምፅ ግን የቆመ ፍሬም የለውም። ይዞ የሚጠብቀው ነገር ስለሌለው ብዙ ጥሪዎች ለድምፅ ድጋሚ መጠየቅን ዋና መላቸው አያደርጉትም።

መተግበሪያው የጎደለውን ድምፅ ከራሱ ፈጥሮ እንደሚሞላስ ያውቁ ኖሯል?

ፓኬት ሲጎድል ስልኩ ዝም አይልም። የመጨረሻውን የተሰማ ድምፅ ይዞ ትንሽ ይስበዋል፣ ቀስ እያደረገም ያጠፋዋል። ለ20 ወይም ለ40 ሚሊሰከንድ ጆሮ አይነቃበትም። ከዚያ ሲረዝም ሰውየው ከበርሜል ውስጥ የሚያወራ ይመስላል፤ ቀጥሎ ጸጥታ ይሆናል።

አደጋው ጉድለቱ ትርጉም ሲለውጥ ነው። እናት «ሐኪሙ መድኃኒቱን አታቁሚ ብሎኛል» አሉ እንበል። «ታ» የምትነገርበት ጊዜ 160 ሚሊሰከንድ ቢሆን፣ 8 ፓኬት ነው። እነዚያ 8 ፓኬቶች ተከታትለው ሲቀሩ መሙያው ከፊታቸው ያለውን «አ» ይስበዋል፤ ልጅ የሚሰማው «አቁሚ» ሊሆን ይችላል። የመድኃኒት ስም፣ የባንክ ቁጥር፣ የቀጠሮ ቀን በጥሪ ሲነገር አስደግሞ መስማት ወይም ጽፎ መላክ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የተሞላውን መጠን በቁጥር ማየትም ይቻላል። ጥሪው በክሮም ማሰሻ የሚደረግ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጉግል ሚት፣ ጥሪው ሳይዘጋ በሌላ ታብ `chrome://webrtc-internals` ብለው ይክፈቱ። የሚመጣውን ድምፅ በሚመለከተው ክፍል ውስጥ ሁለት ቁጥር ፈልገው ያካፍሉ፦

```
concealedSamples / totalSamplesReceived * 100
```

ድምፁ በሰከንድ 48,000 ናሙና ስላለው አንድ ደቂቃ 2,880,000 ናሙና ነው። `concealedSamples` በዚያ ደቂቃ 86,400 ከጨመረ 3 በመቶ ነው፤ ከስድሳው ሰከንድ 1.8ቱን የተናገረው ሰውየው ሳይሆን ማሽኑ ነው ማለት ነው።

ከተቆራረጠ በኋላ ሰውየው ድንገት የሚቸኩለውስ ለምን እንደሆነ?

እሱ አልቸኮለም። መንገድ ላይ ታግተው የነበሩ ፓኬቶች አንድ ላይ ሲደርሱ፣ ተቀባዩ መተግበሪያ የተከማቸውን ለመጨረስ ንግግሩን ያፈጥነዋል። የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ሳይለወጥ ፍጥነቱ ብቻ ስለሚጨምር ማሽን ነክቶታል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ይህን ከሰሙ ግን ፓኬቶቹ ጠፍተው ሳይሆን ዘግይተው እንደነበር በጆሮዎ አወቁ ማለት ነው።

ጥፋተኛውን ወገን ያለ ምንም መሣሪያ መለየት እንደሚቻልስ ያውቁ ኖሯል?

ሦስት ሰው ይበቃል። እናት አዲስ አበባ፣ ወንድ ልጃቸው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሴት ልጃቸው ለንደን ሆነው በዙም እያወሩ ነው እንበል።

«እማዬ፣ ድምፅሽ እየተቆራረጠ ነው።»

«ኧረ ለኔስ ደህና ነው የምትሰማኝ፣ ልጄ።»

እናት እውነታቸውን ነው፤ የልጃቸው ድምፅ በሚመጣበት አቅጣጫ ችግር የለም። ቀጣዩ ጥያቄ ለለንደኗ ነው፤ «አንቺስ፣ እማዬ ይቆራረጥብሻል?» አዎ ካለች ችግሩ ከእናት ቤት የሚወጣው መንገድ ላይ ነው። አይ፣ ደህና ነው ካለች ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ልጅ የራሱን ዋይፋይ ይመልከት።

እዚህ ጥሪ ላይ ለንደኗም ይቆራረጥባታል። ስለዚህ የልጅ ልጅ አያቱ ላፕቶፕ ላይ የዙምን `Settings` ከፍቶ `Statistics` ውስጥ ይገባና `Audio` የሚለውን ይጫናል። `Send` የሚለው ዓምድ የሚወጣውን፣ `Receive` የሚለው የሚገባውን ያሳያል። የሚወጣው ላይ `Latency` ከ120 ተነሥቶ 700 ሚሊሰከንድ ደርሷል፤ `Jitter` 60 ነው፤ `Packet Loss` ደግሞ `1.1% (16%)` ይላል። የሚገባው ላይ ሁሉም ጸጥ ያለ ነው። ቀጥሎ `Video` የሚለውን ሲጫን የእናት ምስል ከ1280 በ720 ወርዶ 640 በ360 ሆኗል። ለልጆቹ ጥርት ብሎ የሚታየው ምስል ለካ ግማሽ ቁመቱንና ግማሽ ስፋቱን ለቅቆ ነው ደህና የመሰለው፤ በስልክ ስክሪን ላይ ማን ያስተውለዋል?

እዚያው ቤት ያለ ሌላ ስልክ ፎቶ ሲልክ የእርስዎን ድምፅ ሊያንቀው እንደሚችልስ?

ከላይ ባየነው ቤት የሆነው ይህ ነው። የልጅ ልጁ ስልክ ዋይፋይ ባገኘ ቁጥር ፎቶና ቪዲዮ ወደ ደመና ማከማቻ ያወጣል። ከቤት የሚወጣው መንገድ ከሚገባው ጠባብ በሆነበት አገልግሎት ይህ ሰልፍ ይፈጥራል። የሚወጣው ፍጥነት በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢሆንና ራውተሩ 250 ኪሎባይት ፎቶ በሰልፍ ይዞ ቢቆይ፣ 250 ኪሎባይት 2,000 ኪሎቢት ስለሆነ ሰልፉ አንድ ሙሉ ሰከንድ ይፈጃል። የእናት የድምፅ ፓኬት ቀላል ብትሆንም ከሰልፉ ጭራ ትቆማለች። ራውተሩ ከፎቶና ከንግግር የቱ እንደሚያስቸኩል ብዙውን ጊዜ አያውቅም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ላፕቶፑ ላይ የትእዛዝ መስኮት ተከፍቶ ይህ ይጻፋል፦

```
ping 8.8.8.8
```

`time=` ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ፎቶ እየተላከ 1,000 አካባቢ ሆኖ፣ የስልኩ ዋይፋይ ሲጠፋ ወደ 100 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ሰልፉ ተገኝቷል። መፍትሔው ጥሪው እስኪያልቅ ፎቶ መላኩን ማቆም ነው፤ የተሻለ ራውተር ካለም ከሚወጣው ፍጥነት ትንሽ ዝቅ ያለ ገደብ መስጠት ይቻላል።

ሞቅ ያለ ሰላምታችን ራሱ ድምፅ እንደሚያስበላስ ያውቁ ኖሯል?

ከዚህ በኋላ ያሉት ጥፋቶች ከኢንተርኔቱ ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ ጠቋሚዎቹ ሁሉ ጤነኛ እያሉ የሚደርሱ ናቸው።

ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ሲያወሩ፣ ከስፒከሩ የሚወጣው የሩቁ ሰው ድምፅ ተመልሶ ማይክ ውስጥ ይገባል። ይህ ወደ ባለቤቱ እንዳይመለስ መተግበሪያው ይቀንሰዋል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር ግን ማሚቶውን ከእውነተኛው ድምፅ መለየት ይከብደዋል፤ የእርስዎንም አብሮ ያፍነዋል። «እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ? ልጆች ደህና ናቸው?» እና «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ?» እየተደራረቡ የሚባሉባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ላይ ድምፅ ከሌላው ጊዜ ይልቅ የሚበላው ለዚህ ነው።

ርቀቱ ደግሞ መደራረቡን ያብሰዋል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በቀጥታ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ድምፁ ለመድረስ 58 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። እውነተኛው ገመድ ይዞራል፤ ሰርቨርና የቆይታ ጊዜው ይጨመራል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለአንድ አቅጣጫ እስከ 150 ሚሊሰከንድ ያለውን መዘግየት ለአብዛኛው ንግግር ተስማሚ ይለዋል፤ ከ400 በላይ እንዳያልፍም ይመክራል። በመካከል ባለው ሰዎች «ጨርሷል» ብለው ሲጀምሩ ይጋጫሉ። ኢርፎን ከተሰካ ግን ማይኩ ውስጥ የሚገባ የስፒከር ድምፅ ስለሌለ የሚታፈንም የለም።

መሰንቆ ለጥሪው መተግበሪያ «ጫጫታ» ሊሆን እንደሚችልስ?

የጩኸት ማጥፊያው የሰው ንግግርን ለይቶ ሌላውን እንዲያነሣ የተሠራ ነው። ረዥም፣ ሳይቋረጥ የሚሳብ የመሰንቆ ድምፅ ከአየር ማራገቢያ ድምፅ ጋር ሊመሳሰልበት ይችላል። በበዓል ቀን አዝማሪ ተጋብዞ ለውጭ ልጆች ይሰማ ተብሎ ሲደወል፣ እጁ ሲሳብ ይታያል፤ ዜማው ግን ብቅ ጥልቅ ይላል። የዙምን `Original Sound for Musicians` ማብራት ይህን ማጣሪያ ያነሣል። ከማይኩ ራቅ ብለው በዝግታ የሚናገሩ አረጋውያንም በዚሁ ማጣሪያ ሊበሉ ይችላሉ፤ ለእነሱ ማይኩን ማቅረብ ከሁሉ ይበልጣል።

የብሉቱዝ ኢርፎን ከስልክዎ እስከ ጆሮዎ ባለው አንድ ሜትር ውስጥ ድምፅ ሊጥል እንደሚችልስ?

ብሉቱዝና በብዙ ቤት ያለው የቆየው ዋይፋይ በአንድ 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ አካባቢ ይሠራሉ። ሲጣረሱ በብሉቱዝ የሚያልፈው ነገር ሊጎዳ ይችላል፤ እሱም ድምፁ ብቻ ነው። ምስሉ ከስክሪኑ ስለማይወጣ ምንም አይሆንም። የጥሪው ጠቋሚም ድምፁ ስልኩ ድረስ በሰላም መድረሱን ስላየ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። የቆዩ የብሉቱዝ ኢርፎኖች ማይካቸው ሲከፈት ከሙዚቃ ጥራት ወደ ስልክ ጥራት መውረዳቸውም ልማዳቸው ነው፤ ዘፈን ሲያሰሙ ግሩም የነበሩት በጥሪ ጊዜ የሚደፈኑት ስለዚህ ነው።

ካሜራን ማጥፋት መፍትሔ ብቻ ሳይሆን ምርመራም እንደሆነ ያውቁ ኖሯል?

ድምፁ የሚቆራረጠው ሰው ካሜራውን ለአንድ ደቂቃ ያጥፋ። ድምፁ ወዲያው ከተስተካከለ፣ ከቤቱ የሚወጣው መንገድ ተጨናንቋል፤ ምስሉ ሲቀር ድምፁ ቦታ አግኝቷል። ካልተስተካከለ ብሉቱዙን ያጥፋና በገመድ ኢርፎን ወይም በስልኩ ይሞክር። አሁንም ካልሆነና `Packet Loss` እና `Jitter` ዝቅተኛ ከሆኑ፣ ማይኩን፣ የጩኸት ማጥፊያውንና ስፒከሩን ይመልከት።

ዘግቶ መልሶ መደወልም አንዳንዴ የሚሠራው በአጋጣሚ አይደለም። ማይኩ እንደ አዲስ ይከፈታል፣ ብሉቱዙም እንደ አዲስ ይያያዛል፤ የተጣበቀው እዚያ ከነበረ ይለቃል። ፎቶ የሚልከው ስልክ ግን ጥሪው ቢዘጋም መላኩን አያቆምም፤ እንዲያ ሲሆን አሥር ጊዜ ቢደወልም ያው ነው።